ጂፕሰምና ውሃ የሚጣሉበት ቦታ

መርካቶም ሆነ ሌላ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሰፈር ገብቶ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ጂፕሰም የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ያው ነው፤ «አረንጓዴውን ውሰድ፣ ውሃ አይነካውም።» ሻጩ ዋሽቷል ለማለት ይከብዳል፤ እሱም የሰማውን ነው የሚናገረው። አረንጓዴው ቦርድ ግን እርጥበትን ለተወሰነ ጊዜ ይታገሣል እንጂ ውሃ አይነካውም የሚባል ዕቃ አይደለም። በመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ የሚታየው ቡናማ ክብ፣ በቢሮ ግድግዳ ግርጌ የሚላጠው ቀለም፣ አንድ ሌሊት ተነሥቶ የሚወድቀው የማድ ቤት ጣሪያ፣ አብዛኞቹ የዚህ አለመግባባት ውጤቶች ናቸው።

ጂፕሰም ያው የምናውቀው ጀሶ ነው። ድንጋዩ በአገራችን በብዛት አለ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ከሚያቋርጣቸው ንብርብሮች አንዱ ጀሶ የበዛበት ሲሆን፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ንብርብሩን በከተማዋ ስም ይጠሩታል። ድንጋዩ ሲያዩት ደረቅ ይምሰል እንጂ ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ ከጠጣሩ ጋር የተሳሰረ ውሃ ነው። ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሲሞቅ ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛው ይወጣና ድንጋዩ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ፋብሪካው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የጀሶውን ሊጥ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ያፈሳል፣ ያስተካክላል፣ ይቆርጣል፣ ያደርቃል። ወረቀቱ ለመልክ የተለጠፈ እንዳይመስላችሁ። ቦርዱ ሲጎብጥ እንዳይሰበር የሚይዘው በአመዛኙ ወረቀቱ ነው።

ይህ የተሳሰረ ውሃ ለቤቱ ባለቤት ትልቅ ጥቅም አለው። 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቦርድ በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ውሃ አለ ማለት ነው። እሳት ሲነሣ ይህ ውሃ መጀመሪያ መትነን አለበት፤ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የቦርዱ ጀርባ ከ100 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ቤተሰብ ለመውጣት የሚያስፈልገው ጊዜ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ውሃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀሶ ውስጡ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጥቃቅን መርፌ መሰል ክሪስታሎች ናቸው፤ ጥንካሬውም ከመጠላለፋቸው ነው። ውሃ ሲገባ መገናኛቸው ይላላል፣ ጥቂት ጥቂቱም ይሟሟል፤ አንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ጀሶ የማሟሟት አቅም አለው። ውሃ የጠገበ ቦርድ የጥንካሬውን ግማሽና ከዚያ በላይ ያጣል። ወረቀቱም ሲረጥብ ይላላል፣ ሲቆይም የሻጋታ ቀለብ ይሆናል። ሲሚንቶ ከጠነከረ በኋላ እርጥበት አይጎዳውም፤ ጀሶ ግን ከጠነከረ በኋላም ቢሆን ውሃን እንደ ጠላት ነው የሚያየው።

ታዲያ ለምን እንጠቀምበታለን? ክብደቱን እንመልከት። አንድ ሰው ሳሎኑን ከፍሎ ለልጆቹ መኝታ ክፍል ሊያወጣ አስቧል እንበል። የሚቆመው ግድግዳ 3.6 ሜትር ርዝመት፣ 2.7 ሜትር ከፍታ አለው፤ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጠጋል። በ10 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ተሠርቶ ሁለቱ ፊቱ ቢለሰን በካሬ 200 ኪሎ ያህል፣ በጠቅላላው ወደ 2 ቶን ይሆናል። በጂፕሰም ሲሠራ ግን ሁለቱ ፊት 18 ኪሎ፣ የብረቱ አጽም 2 ወይም 3 ኪሎ ተደምሮ በካሬ 21 ኪሎ፣ በጠቅላላው 2 ኩንታል ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መሐንዲስ ያላሰበበት የሶሌታ መሐል ላይ 2 ቶን መጫንና 2 ኩንታል መጫን ምን ያህል እንደሚለያይ ለማንም ግልጽ ነው። ሥራው በሁለትና በሦስት ቀን ማለቁ፣ ሲሚንቶና አሸዋ በደረጃ አለመጋዙ ደግሞ ተጨማሪ ነው።

የዚህ ግድግዳ አጽም ሁለት ዓይነት ቀጭን የጋለቫናይዝድ ብረት ነው። አንዱ «ዩ» ቅርጽ ያለው ትራክ ሲሆን ወለሉና ሶሌታው ላይ ይታሰራል። ሌላው «ሲ» ቅርጽ ያለው ስተድ ሲሆን በሁለቱ ትራኮች መካከል ይቆማል። የብረቱ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ እንደ ግድግዳው 5፣ 7.5 ወይም 10 ሴንቲ ይሆናል። ሠሪው መጀመሪያ ወለሉ ላይ መስመር ያሰምራል፣ መስመሩን በሌዘር ወይም በቱምቢ ወደ ሶሌታው ያወጣል፣ ከዚያ ትራኩን ቢበዛ በየ60 ሴንቲው በፊሸር ያስራል። ስተዱን ሲቆርጥ ከሚለካው ቁመት 1 ሴንቲ ያህል ያሳጥረዋል፤ ከላይ ካለው ትራክ ጋርም በቪቴ አያስረውም። ይህን ያየ ባለቤት «አላሰርከውም እኮ» ብሎ መቆጣቱ የተለመደ ነው። ሠሪው ግን ትክክል ነው። ሶሌታ ሰውና ዕቃ ሲበዛበት በጥቂቱ ይጎብጣል፤ ስተዱ ከሶሌታው ጋር ጥብቅ ሆኖ ከተያያዘ የጉብጠቱ ጫና በቀጥታ ወደ ቦርዱ ይወርድና ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ስተዶቹ ከመሐል እስከ መሐል 60 ሴንቲ ተራርቀው ይቆማሉ። ቁጥሩ ዝም ብሎ አልተመረጠም። የቦርዱ ስፋት 120 ሴንቲ ስለሆነ ሁለቱ ጠርዞቹና መሐሉ ስተድ ላይ ያርፋሉ። ጠርዙ የሚያርፍበት ስተድ ለሁለት ጎረቤት ቦርዶች ይካፈላል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 2 ሴንቲ ያህል ብረት ብቻ ነው። ሠሪው እያንዳንዱን ስተድ ካለፈው ስተድ እየለካ ከሄደ የአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት እየተደመረች መጨረሻ ላይ የቦርዱ ጠርዝ አየር ላይ ይቀራል። ቪቴው ብረት ሳያገኝ ጀሶው ውስጥ ይሽከረከራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያው መስመር ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ጥንቁቅ ሠሪ ሁሉንም ስተድ ከአንድ ጫፍ ይለካል፤ 60፣ 120፣ 180 እያለ። ግድግዳችን 3.6 ሜትር ስለሆነ 7 ስተድ ይበቃዋል፤ በሩ ግራና ቀኝ የሚቆሙት ሲታከሉ 8 ወይም 9 ይሆናሉ።

ቦርድ ሲገዛ ቁመቱን ማየት ጥሩ ነው። 2.4 ሜትር የሆነው ቦርድ ለ2.7 ሜትር ግድግዳ አይደርስም፤ ከላይ 30 ሴንቲ መቀጠል ይመጣል፣ ቅጥያ ደግሞ የስንጥቅ ቦታ ነው። ባለ 3 ሜትር ከተገኘ ለአንድ ፊት 3፣ ለሁለቱ ፊት 6 ቦርድ በቂ ነው። በአንዱ ፊት ከሙሉ ቦርድ ከተጀመረ በሌላው ፊት ከግማሽ ቦርድ ይጀመራል፤ መገጣጠሚያዎቹ ጀርባ ለጀርባ እንዳይገጥሙ ነው። ቦርዱ ወለሉን አይነካም፤ ከታች 1 ሴንቲ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ስለዚህች 1 ሴንቲ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጂፕሰም ሠሪ ብቃት የሚለየው በር ላይ ነው። በር በተዘጋ ቁጥር ግድግዳውን ይመታል፤ ጫናውም ከበሩ በላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ላይ ይሰበሰባል። ሰነፍ ሠሪ የቦርዱን መገጣጠሚያ ልክ ከበሩ ጫፍ ትይዩ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም መቁረጥ ይቀልለዋል። ዓመት ሳይሞላ ከማዕዘኑ ወደ ላይ ስንጥቅ ይነሣል፤ በስቱኮ ቢደፈንም ይመለሳል። ትክክለኛው አሠራር ቦርዱን ለበሩ ማዕዘን ጎድጎድ አድርጎ ቆርጦ፣ መገጣጠሚያውን ከማዕዘኑ አርቆ ከበሩ በላይ ወደ መሐል መውሰድ ነው። በሩን የሚይዙት ሁለት ስተዶችም ብቻቸውን አይበቁም፤ ውስጣቸው እንጨት ይገባል ወይም ወፍራም ብረት ይደረጋል። ቴሌቪዥን ወይም የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚሰቀልበት ቦታ ካለ ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ለሠሪው መንገር ይገባል፤ በስተዶቹ መካከል ኮምፔንሳቶ አስሮ ይዘጋዋል። ከተዘጋ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ ልመና ነው።

ወደ ላይ እንውጣ። ኮርኒስ ከግድግዳ የሚለየው ቦርዱ ሌት ተቀን ወደ ታች ስለሚጎተት ነው። ግድግዳ ላይ ቪቴው ቦርዱን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ክብደቱን በአመዛኙ የሚሸከመው አጽሙና ወለሉ ነው። ኮርኒስ ላይ ግን የቦርዱ ኪሎ በሙሉ የተንጠለጠለው በቪቴ ጭንቅላት ላይ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ በየ25 ወይም 30 ሴንቲው የሚበቃው ቪቴ ኮርኒስ ላይ በየ20 ሴንቲው ወይም ከዚያ ባነሰ ይመታል። ጭንቅላቱ ወረቀቱን ጥቂት ጎድጉዶ መቆም አለበት። ወረቀቱን በጥሶ ከገባ የያዘው የሚፈረፈረውን ጀሶ ብቻ ነው፤ እንደዚህ ያለው ቪቴ ከጊዜ በኋላ ቀለሙን እየገፋ ክብ እብጠት ሆኖ ይታያል።

የኮርኒሱ አጽም ሦስት ደረጃ አለው። ከሶሌታው ማንጠልጠያ ይወርዳል፤ ማንጠልጠያው በየ1 ሜትር ወይም 1.2 ሜትር የተዘረጋውን ዋና ቻናል ይይዛል፤ ከዋናው ቻናል ሥር ደግሞ ቦርዱ የሚታሰርበት ኦሜጋ በየ40 ወይም 50 ሴንቲው በአግድም ያልፋል። ዙሪያውን ግድግዳ ላይ የታሰረ ብረት ይከባል። ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ ከነብረቱ በካሬ 12 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን፣ 16 ካሬ የሆነ ሳሎን ከራስ በላይ 2 ኩንታል የሚጠጋ ክብደት ተሸክሟል ማለት ነው። በየደረጃው ወጣ ገባ ያለ፣ ጠርዙ ሁሉ ድብቅ መብራት የተሞላበት ኮርኒስ ከሆነ ደግሞ ይጨምራል። በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ደረጃ ለእኔ አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ፋይዳው አይታየኝም፤ ግን የቤቱ ባለቤት ምርጫ ነው።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እዚህ ላይ ልብ ማለት አለባቸው። በአዲስ አበባ ብዙ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሶሌታቸው ሙሉ ኮንክሪት አይደለም፤ ተዘጋጅተው የመጡ የኮንክሪት ቢሞች ተደርድረው በመካከላቸው ባዶ ብሎኬት የተሰካበት ነው። ድሪሉ ብሎኬቱ ላይ ካረፈ ቀጭኗን ግድግዳ በስቶ ባዶ ቦታ ውስጥ ይገባል። የገባው ፊሸር ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ቀስ እያለ ግን ይወጣል። ሠሪው ልምድ ካለው ድሪሉ በድንገት ወደ ውስጥ ሲዘል ያውቀዋል፤ ያን ቀዳዳ ትቶ ቢሙን ይፈልጋል። ለኮርኒስ ማንጠልጠያ የፕላስቲክ ፊሸር ሳይሆን ኮንክሪት ውስጥ የሚሰፋ የብረት ፊሸር ነው የሚሻለው። ማንጠልጠያን ከውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር ደግሞ፣ ምንም ያህል ጠንካራ ቢመስል፣ ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። አረንጓዴው ቦርድ አረንጓዴ የሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ዋናው ልዩነት ግን ጀሶው ውስጥ ውሃ የሚገፋ እንደ ሲሊኮን ያለ ነገር መቀላቀሉ ነው። ጥራቱ የሚለካበት መንገድ ቀላል ነው፤ 2 ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ውሃ መጠጣት የለበትም። ይህን ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። 30 በ30 ሴንቲ የሆነ ቁራጭ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይነከር፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ይውጣ፣ ላዩ በጨርቅ ይጠረግና ይመዘን። 840 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሻጩ እውነት ተናግሯል። አንድ ኪሎ ካለፈ ግን የተሸጠላችሁ አረንጓዴ ወረቀት የለበሰ ተራ ቦርድ ነው።

ፈተናውን ያለፈው ቦርድም ቢሆን የፈተናው ጊዜ 2 ሰዓት መሆኑን መርሳት የለበትም። ከሻወር ወጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርቀውን ተን ይቋቋማል፤ በየቀኑ ውሃ የሚፈስበትን የሻወር ግድግዳ ግን አይችልም። «ሴራሚክ ይለጠፍበታል እኮ» ይባላል። ሴራሚኩ ራሱ ውሃ ላያሳልፍ ይችላል፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው መሙያ ግን ያሳልፋል። ያለፈው ውሃ ከጀርባ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ይላላል፣ ሴራሚኩም ወረቀቱን ይዞ ይነቀላል። አሜሪካኖች አረንጓዴውን ቦርድ ለብዙ ዓመታት ከሻወር ሴራሚክ ጀርባ ሲጠቀሙበት ኖረው፣ በ2006 የወጣው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሕጋቸው ይህን አሠራር ከልክሏል። እዚያ ቦታ የሚገባው የሲሚንቶ ቦርድ ነው፤ እርሱም ላዩ የውሃ መከላከያ ተቀብቶ። በእኛ አገር ደግሞ ብሎኬትና የሲሚንቶ ልስን ርካሽና ሁሉም የሚያውቀው አማራጭ ነው።

ሁለተኛው የውሃ መንገድ ከታች ነው። ወለልን በባልዲ ውሃ ደፍቶ በመጥረጊያ መግፋት የለመደ ቤት ወይም ቢሮ ጂፕሰም ግድግዳውን በየሳምንቱ ከእግሩ ያጠጣዋል። የቦርዱ የታች ጠርዝ የተቆረጠ፣ ወረቀት የሌለው ባዶ ጀሶ ነው፤ ወለሉን ከነካ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። የ1 ሴንቲዋ ክፍተት የምትሠራው ይህን ለማቋረጥ ነው። ብዙ ሠሪዎች ግን ቦርዱን ወለል ላይ አስቀምጠው ያስራሉ፣ ምክንያቱም ይዞ የሚያነሣ ሰው አያስፈልጋቸውም። ጉዳቱን ለማወቅ ከዞኮሎው በላይ 5 ሴንቲ ያህል በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ይበቃል። ጤነኛ ቦርድ አይገባም። እየገባ ከሆነ፣ ቀለሙም ካበጠ፣ የቪቴዎቹ ቦታ ላይ የዝገት ነጥብ ከወጣ ውሃው ቆይቷል። ከመታጠቢያ ቤት ወይም ከማድ ቤት ጋር የሚዋሰን የጂፕሰም ግድግዳ ግድ ካለ መጀመሪያ አንድ ረድፍ ብሎኬት ተደርድሮ ትራኩ በላዩ ይታሰር፤ 20 ሴንቲ ከፍታ ወለል የሚታጠብበትን ውሃ ሁሉ ይችላል።

ሦስተኛው ተን ነው። የእንጀራ ምጣድ በሚሠራበት ማድ ቤት አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት ያየ ሰው ኮርኒሱ ምን እንደሚጠጣ ይገባዋል። እርጥበት የጠጣ ቦርድ በራሱ ክብደት በኦሜጋዎቹ መካከል ይረግባል። ኦሜጋው በ60 ሴንቲ ከተራራቀ ርግበቱ በዓይን ይታያል፣ አንዴ ከረገበም ሲደርቅ ቀጥ አይልም። ስለዚህ እንፋሎት ያለበት ክፍል አጽሙ መጠጋጋት አለበት፤ 40 ሴንቲ ወይም ከዚያ በታች። ከዚህ የሚበልጠው ግን መስኮት ወይም ተን የሚያወጣ ፋን ነው።

ቆርቆሮ ሥር ያለ ኮርኒስ ሌላ ጠባይ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከቤቱ የወጣው ሞቃት አየር ከሥሩ ሲነካው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ባለቤቱ ዝናብ ሳይዘንብ ኮርኒሱ ሲረጥብ ግራ ይገባዋል፣ ቆርቆሮ የሚደፍን ሰውም ይጠራል። ቀዳዳ የለም። መፍትሔው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር ግራና ቀኝ እንዲተላለፍ ማድረግ፣ ከምጣዱና ከሻወሩ የሚወጣውም ተን ወደዚያ ክፍተት ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው ግን ከላይ ጎረቤት የሚመጣው ፍሳሽ ነው። ኮርኒሱ መርጠቡ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ይደብቃል። አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር በሆነ መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ፣ መብራቱ አጠገብ፣ እጅ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ክብ ወጥቷል። የመጀመሪያው ስሕተት ቧንቧው ከክቡ በላይ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ውሃው ቦርዱ ላይ ከመውረዱ በፊት በኦሜጋው ጎድጓዳ እየሄደ፣ ቀዳዳ ወይም መገጣጠሚያ ያገኘበት ቦታ ነው የሚታየው። የመብራት ቀዳዳ ደግሞ ሁልጊዜም ዝግጁ ቀዳዳ ነው። ክቡ ውስጥ ተደራራቢ ጠርዞች ካሉ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቧል ማለት ነው፤ የቆየ ፍሳሽ ነው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ፍሳሹ ከንጹሕ ውሃ መስመር ነው ወይስ ከቆሻሻ ውሃ የሚለው ነው። ንጹሕ ውሃ መስመር ውስጥ ግፊት ስላለ ሌሊትም ቀንም ይንጠባጠባል። የቆሻሻው መስመር የሚያፈሰው ጎረቤት ሲታጠብ ወይም ሽንት ቤት ሲለቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያወሳስበው የውሃ ፈረቃ ነው፤ ታንከር በሌለበት ቤት ንጹሕ ውሃውም የሚያፈሰው በፈረቃው ቀን ብቻ ስለሚሆን ሰው የጎረቤቱን መታጠቢያ ቤት ይጠረጥራል። መለያው ቀላል ነው። ከላይ ያለው ቤት ቆጣሪውን ሳይዘጋ ቧንቧዎቹን በሙሉ ይዝጋ፤ የቆጣሪው መርፌ ከዞረ ንጹሑ መስመር ነው። ካልዞረ የወለሉ መውረጃ ላይ የምግብ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ይፍሰስ፤ ቀለሙ ወደ ታች ከወረደ ነገሩ ያኔ ያልቃል፣ ክርክሩም ጭምር።

ኮርኒሱ መሐሉ ሆድ አውጥቶ ከተገኘ ግን ምርመራው ይቆይ። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ላይ 1 ኪሎ ነው፤ 1 ሴንቲ ከቆመ 10 ኪሎ፣ የቦርዱን የራሱን ክብደት ያክላል ማለት ነው፤ ቦርዱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ግማሽ ጥንካሬውን አጥቷል። መጀመሪያ የዚያ ክፍል መብራት ከቆጣሪው ሳጥን ይጥፋ። ከሥሩ ባልዲ ይቀመጥ፣ ከጎን ተቁሞ ሆዱ ዝቅ ያለበት ቦታ በካቻቢቴ ይበሳ። ቀዳዳው ትንሽ ጉዳት ነው፤ ውሃው ግን በቁጥጥር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የላላው ክፍል በካሬ ቅርጽ እስከሚቀጥሉት ኦሜጋዎች መሐል ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፣ ውስጡ ለቀናት ይድረቅ፣ ፍሳሹ ይጠገን፣ በመጨረሻ አዲስ ቦርድ ይግባ። ቦርዱ ደርቆ ጠንካራ ከሆነ፣ ካልረገበ፣ ሻጋታም ካልያዘ መቀየር አያስፈልገውም። ቡናማው ነጠብጣብ ግን በውሃ ቀለም አይሸፈንም፣ እየሰረጸ ይመለሳል፤ በመጀመሪያ የዘይት ቀለም ተቀብቶ በላዩ ላይ የተለመደው ቀለም ይደረጋል።

ይህ ሁሉ የሚቀለው ኮርኒሱ ቀድሞውኑ የሚከፈት ሆኖ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤትና ለቢሮ ጂፕሰም ከብሎኬት የተሻለ ግድግዳ ነው። ለሻወር ግድግዳ አይሆንም፣ አረንጓዴም ቢሆን። ለመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ፣ በላዩ የጎረቤት ቧንቧ ካለ፣ የሚነሣና የሚመለስ የ60 በ60 ኮርኒስ ወይም ፒቪሲ ይምረጡ። የግድ ጂፕሰም ይሁን ካሉ ከቧንቧው መገጣጠሚያ ሥር ሰው እጁንና ባትሪውን የሚያስገባበት መዝጊያ ያስወጡ። ሠሪው ቦርዱን ከመዝጋቱ በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ የላይኛውን ጎረቤት ለምነው የሻወሩን መውረጃ አስደፍነው ወለሉን ውሃ ያስሞሉበትና ጠዋት ከሥር ሆነው ሶሌታውን በእጅዎ ይዳስሱት። ከረጠበ ኮርኒሱን አያስዘጉ።